ዋጋው ይለጠፍ ወይስ «በውስጥ መስመር» ይሁን?
ከአልዌሮ ዓሣ ገበያ የምንማረው የዋጋ አነጋገር

በቴሌግራም ቻናል ወይም በፌስቡክ ገጽ ላይ የሚያምር ፎቶ ያያሉ። ከሥሩ «ስንት ነው?» ብለው የጠየቁ አሥራ አምስት ሰዎች አሉ። መልሱም አሥራ አምስት ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ውስጥ መስመር ይግቡ»። አንዳንዱ ይገባል፣ አንዳንዱ ይተወዋል። ሻጩ የገቡትን ቆጥሮ «ዛሬ ገበያው ደርቷል» ይላል። የተዉትን ግን ማንም አይቆጥራቸውም።

ዛሬ በከተማ ቤተሰብ ውስጥ ከስልክ የሚገዛ ብቻ ሳይሆን በስልክ የሚሸጥም አይጠፋም። እህት የሐበሻ ቀሚስ ታስለጥፋለች፣ አክስት በርበሬና ሽሮ ታዘጋጃለች፣ የጎረቤት ልጅ ጫማ ያመጣል። ሁሉም አንድ ቀን ይህን ጥያቄ ይጋፈጣል፦ ዋጋውን በግልጽ ልጻፈው ወይስ የጠየቀኝን ብቻ በግል ልንገረው?

ጥያቄው በጨርቅና በጫማ ላይ ቀላል ይመስላል። በጣም የሚከብደው ዋጋው በየቀኑ በሚለዋወጥ፣ ቶሎ በሚበላሽና አንዱ ከሌላው በማይመሳሰል ዕቃ ላይ ነው። ስለዚህ ምሳሌያችንን ከከባዱ እንጀምር፤ ከአልዌሮ ግድብ ዓሣ።

ለምን አልዌሮ?

የአልዌሮ ግድብ በጋምቤላ ክልል፣ አቦቦ ወረዳ፣ ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ ይገኛል። በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ሲሠራ የታሰበው ለመስኖ ነበር። ውሃው ከተጠራቀመ ወዲህ ግን ለአካባቢው ሰው ሌላም ነገር ሰጥቷል፤ ዓሣ። ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ከዚያ ይወጣል። ከፊሉ እዚያው ይበላል፣ ከፊሉ በጭስ ይደርቃል፣ ከፊሉም ወደ ጋምቤላ ከተማ ይጓዛል።

አሁን አንዲት ሴት በዓይነ ኅሊናዎ ይሳሉ። ከግድቡ ጠዋት የወጣ ዓሣ ተረክባ፣ በበረዶ ሳጥን ጋምቤላ ከተማ አምጥታ፣ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ቻናሏ ላይ ትለጥፋለች። ደንበኞቿ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ቤተሰቦችና ጥቂት ምግብ ቤቶች ናቸው። ይህች ሴት ለምሳሌ የተፈጠረች ናት። ከዚህ በታች የሚያነቧቸው የብር ቁጥሮችም ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ እንጂ የዕለቱ ገበያ አይደሉም። ያለባት ጣጣ ግን የብዙ ሻጭ ጣጣ ነው።

ዋጋዋን ላለመጻፍ ብዙ ምክንያት አላት። የዓሣው መጠን ይለያያል። የዛሬው ከትናንቱ ሊወደድ ይችላል። ተፎካካሪ ያያል። ደንበኛ ቁጥሩን አይቶ ይሸሻል፣ ቢያናግራት ግን ልታሳምነው ትችላለች። እነዚህ ምክንያቶች ተራ ሰበብ አይደሉም። ሆኖም አንድ በአንድ ሲመረመሩ ገሚሶቹ ዋጋን ለመደበቅ ሳይሆን ዋጋን በትክክል ለመጻፍ የሚያበቁ ሆነው ይገኛሉ።

«ኪሎው ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ጎደሎ ነው

ከመጀመሪያው እንነሳ። የዓሣ ዋጋ የሚያደናግረው ቁጥሩ ስለሚለዋወጥ ብቻ አይደለም፤ ቁጥሩ የምን እንደሆነ ስለማይነገር ጭምር ነው።

አንድ ሻጭ «ኪሎ 300 ብር» ይላል፤ ሌላው «ኪሎ 950 ብር» ይላል። ሲታይ ሁለተኛው ዘራፊ ይመስላል። ነገር ግን የመጀመሪያው የሚሸጠው እንደወጣ፣ ከነጭንቅላቱና ከነሆድ ዕቃው ነው። ሁለተኛው የሚሸጠው ፊሌቶ ነው፤ አጥንትና ቆዳ የሌለው ሥጋ። ከቆሮሶ ዓሣ የሚገኘው ፊሌቶ ከሙሉ ክብደቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ 1 ኪሎ ፊሌቶ ለማግኘት 3 ኪሎ ያህል ሙሉ ዓሣ ያስፈልጋል። ሦስት ጊዜ 300፣ 900 ብር ሆነ። ማጽዳቱ፣ ቢላዋውና የኩሽናው ሽታ ሲታከልበት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 50 ብር ብቻ ነው። ሥራ ለበዛበት ቤተሰብ «ውዱ» ሻጭ ሊሻለው ይችላል።

በጭስ የደረቀው ደግሞ ሌላ ስሌት አለው። የዓሣ ክብደት አብዛኛው ውሃ ነው። ሲደርቅ ውሃው ስለሚሄድ አንድ ኪሎ ደረቅ ዓሣ ከብዙ ኪሎ ጥሬ ዓሣ የተገኘ ነው። የደረቀውን ኪሎ ከጥሬው ኪሎ ጋር ማወዳደር እንጀራን ከጤፍ ጋር በሚዛን እንደማወዳደር ይሆናል።

በገበያ ላይ በፍሬ ወይም በመደብ መሸጥም የተለመደ ነው። ገዢው ፊት ለፊት ቆሞ ሲያይ ይህ ችግር የለውም። በፎቶ ግን ለካሜራ የቀረበ ትንሽ ዓሣ ትልቅ ይመስላል። ከጎኑ እጅ ወይም ሚዛን ከሌለ «አንዱ 150 ብር» የሚለው ቁጥር ምንም አይነግርዎትም።

ይህን ሁሉ የምነግርዎት ለምንድን ነው? ምክንያቱም ብዙ ሻጮች «ዋጋው ስለሚለያይ መጻፍ አልችልም» ሲሉ የሚለያየው ዋጋው ሳይሆን መስፈሪያው ነው። መስፈሪያው ከተጻፈ ቁጥሩ ይረጋል። «ያልጸዳ ቆሮሶ፣ ኪሎው 300» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለትንሹም ለትልቁም ዓሣ እውነት ነው። የአንዱ ዓሣ ክብደት ሲለያይ የሚለየው ድምሩ ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ ሚዛን ይፈታዋል።

በውስጥ መስመር የሚጠፋው ጊዜ

አሁን ወደ ሻጯ እንመለስ። ዓሣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከተማ ደረሰ። ፎቶውን ያለ ዋጋ ለጠፈች። 60 ሰዎች በውስጥ መስመር ጠየቁ። ሰላምታው፣ «ስንት ነው?»፣ «የቱ?»፣ «ያልጸዳው»፣ «ኧረ ቀንሺ»፣ «እሺ እነግርሻለሁ» ተደማምሮ በአማካይ 3 ደቂቃ ቢፈጅ 180 ደቂቃ ይሆናል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ማለት ነው። የመጨረሻው ጠያቂ መልስ ሲያገኝ 5 ሰዓት ሆኗል።

በእነዚህ ሦስት ሰዓታት ሁለት ነገሮች ይከሰታሉ። አንደኛው፣ ለምሳ ዓሣ የፈለገችው እናት መልስ ስትጠብቅ ቆይታ ሥጋ ቤት ሄዳለች። ሁለተኛው፣ በረዶው እየቀለጠ ነው። ጋምቤላ ቆላ ነው። በጣም የሚሞቀው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ሲሆን ቴርሞሜትሩ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ዐቢይ ጾም የሚውለውም በዚያው ወቅት ነው፤ በጾም ዓሣ የሚመገቡ ቤተሰቦች ፍላጎታቸው የሚጨምርበት ጊዜ። ጥያቄው የሚበዛውና ዓሣው ቶሎ የሚበላሸው በአንድ ሰሞን ነው ማለት ነው።

ልብስ ለሚሸጥ ሰው የሦስት ሰዓት ጭውውት ድካም ነው። ዓሣ ለሚሸጥ ሰው ኪሳራ ነው። ዕቃዎ ቶሎ የሚበላሽ ከሆነ፣ ዳቦም ሆነ ኬክ፣ አትክልትም ሆነ ወተት፣ ዋጋን ለመናገር የሚያጠፉት ጊዜ ራሱ ወጪ እንደሆነ ይቁጠሩት።

ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት የጠያቂን ብዛት ከሽያጭ ጋር በማምታታት ነው። ዋጋ ሲለጠፍ የጠያቂው ቁጥር እንደሚያሽቆለቁል እርግጥ ነው። ይህ ያስደነግጣል። ግን የጠፉት እነማን ናቸው? አብዛኞቹ ቁጥሩን ሰምተው «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብለው የሚሄዱት ናቸው። ዋጋው ተጽፎ ሳለ የሚጽፍልዎት ሰው «ስንት ነው?» አይልም፤ «2 ኪሎ ያዢልኝ፣ ስንት ሰዓት ይደርሳል?» ይላል። ንግግሩ ከዋጋ ወደ ትዕዛዝ ተሸጋግሯል።

በሌላ በኩል ሳይጠይቁ የሚቀሩት አሉ። ዋጋ ካልተጻፈ «ውድ ቢሆን ነው» ብሎ የሚያልፍ፣ ጠይቆ ሳይገዛ መቅረት የሚያሳፍረው፣ ወይም ከማያውቀው ሰው ጋር በግል መጻፍ የማይፈልግ ሰው። ይሉኝታ በበዛበት አገራችን ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም። ሻጯ እነዚህን ሰዎች በስልኳ ላይ በፍጹም አታያቸውም።

ተፎካካሪው ያይ ይሆን?

«ዋጋዬን ከጻፍኩ ሌላው አይቶ 10 ብር ይቀንሳል» የሚለው ፍርሃት የተለመደ ነው። ነገር ግን ተፎካካሪ እንደ ገዢ ሆኖ በውስጥ መስመር ከመጠየቅ የሚያግደው የለም። አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። ስለዚህ የተደበቀ ዋጋ ከተፎካካሪ አይደበቅም፤ የሚደበቀው ከደንበኛ ነው።

ከተፎካካሪው ይልቅ በቁም ነገር ሊታሰብ የሚገባው ሌላ አንባቢ አለ፤ ዓሣውን ያወጣው ሰው። ከተማ ላይ የተለጠፈ 300 ብር በስልክ አቦቦ ይደርሳል። ዓሣውን በኪሎ 180 ብር ያስረከበው አጥማጅ «120 ብር የት ሄደ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ብዙ ነጋዴዎች ዋጋ የማይጽፉበት፣ ጮክ ብለው የማይናገሩት ምክንያት ይህ ነው።

እስኪ እናስላው። 10 ኪሎ በ180 ሂሳብ 1,800 ብር። በረዶና መጓጓዣ 400 ብር። ከ10 ኪሎው አንዱ በሙቀት ተበላሸ ወይም ሳይሸጥ ቀረ እንበል። የተቀረው 9 ኪሎ በ300 ሲሸጥ 2,700 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ 2,200 ሲቀነስ 500 ብር ይተርፋል። ይህ የእርሷ የቀን ድካም፣ የስልኳ ዳታና የሚዛኗ ዋጋ ነው። ከአንድ ኪሎ 120 ብር የሚመስለው ትርፍ በእጅ ሲገባ 50 ብር ገደማ ሆነ።

ይህን ስሌት ለአጥማጁ በግልጽ ማሳየት የምትችል ሻጭ ዋጋዋን ለመለጠፍ አትፈራም። ማሳየት የማትችል ከሆነ ደግሞ የተለጠፈው ቁጥር ጠብ ይጭራል። ስለዚህ ከመለጠፍዎ በፊት ራስዎን ይጠይቁ፦ «ይህን ቁጥር ዕቃውን ያመጣልኝ ሰው ቢያየው ላስረዳው እችላለሁ?» መልሱ «አዎ» ከሆነ ይለጥፉት። «አይ» ከሆነ መታረም ያለበት ልጥፉ ሳይሆን ሂሳቡ ነው።

ለእያንዳንዱ ሰው የተለያየ ዋጋ

የውስጥ መስመር አንድ ፈተና አለው። የጠያቂውን ፎቶ፣ ስም፣ አንዳንዴም የሥራ ቦታ ያሳያል። ሰውየው መኪና ውስጥ የተነሳው ፎቶ ካለ 350፣ ተማሪ ከመሰለ 280 ማለት ይቻላል። በገበያ ላይ ይህ ዱሮም የነበረ ነው። ልዩነቱ በገበያ የተነገረ ዋጋ በነፋስ ይሄዳል፤ በስልክ የተጻፈ ግን ይቀራል። ሁለት የሥራ ባልደረቦች ምሳ ላይ ስልካቸውን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ሻጯ ሁለቱንም ታጣለች። ሦስተኛውንም፣ ወሬውን የሰማውን።

«ክርክር ከሌለማ ገበያ ምኑን ገበያ ሆነ?» ይሉ ይሆናል። ክርክር አይቀርም፤ ቦታውን ነው የሚቀይረው። «ቀንሺልኝ» ለሚል ሰው ሁሉ በየግሉ ከመቀነስ ይልቅ «5 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሚወስዱ ኪሎው 280» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ቅናሹ በሰውየው ሳይሆን በመጠኑ ተወሰነ። ጎረቤታሞች ተደራጅተው በአንድ ላይ እንዲያዙም ያደርጋል፤ ማድረሻውም አንድ ባጃጅ ይበቃዋል።

የተለጠፈ ዋጋ የሚያመጣው ጣጣ

መለጠፍ የራሱ ችግር የለውም ማለት አይደለም። ትልቁ ችግር ያረጀ ዋጋ ነው። «ባለፈው ወር 300 ብላችሁ ነበርኮ!» የሚል ደንበኛ የሚያጋጥመው ለዚህ ነው። ይህ ከምናስበው በላይ ከመተግበሪያዎቹ አሠራር ጋር ይያያዛል።

በቴሌግራም ቻናል ላይ የለጠፉትን ጽሑፍ በኋላም ገብተው ማረም ይችላሉ። ነገር ግን ሰው ከቻናልዎ ወስዶ ለሌላ ሰው ያስተላለፈው ቅጂ አይታረምም። አሮጌውን ቁጥር ይዞ ከስልክ ስልክ ሲዞር ይኖራል። ዋጋው በፎቶው ወይም በቪዲዮው ላይ በትልቁ ከተጻፈ ደግሞ ጽሑፉን ማረም ብቻ አይበቃም፤ ፎቶውን ወይም ቪዲዮውን ራሱን በሌላ መተካት ያስፈልጋል። መፍትሔው ሁለት ነው። ዋጋውን በፎቶው ላይ ሳይሆን ከሥሩ ባለው ጽሑፍ ውስጥ ይጻፉ። ከዋጋው አጠገብ ደግሞ ቀኑንና እስከ መቼ እንደሚጸና ይጻፉ። ቀን ያለው ዋጋ ሲያረጅ ራሱን ያጋልጣል፤ ቀን የሌለው ዋጋ ግን ሁልጊዜ የዛሬ ይመስላል።

ሁለተኛው ችግር «ከ… ጀምሮ» የሚለው አጻጻፍ ነው። «ከ200 ብር ጀምሮ» ተብሎ በ200 የሚሸጠው ነገር ማንም የማይፈልገው ጭራ ከሆነ፣ ደንበኛው የሚሰማው ዋጋ እንደተነገረው ሳይሆን እንደተታለለ ነው። «ጀምሮ» የሚለውን ቃል ከተጠቀሙ በዚያ ዋጋ የሚገኘውን ነገር በስሙ ይጥሩት፤ ዕቃውም በእርግጥ እጅዎ ላይ ይኑር።

እነዚህን ሁሉ ጠቅለል አድርጎ የሻጯ ልጥፍ ይህን ይመስላል፦

«የአልዌሮ ቆሮሶ፣ ዛሬ ጠዋት የወጣ። ያልጸዳ 1 ኪሎ 300 ብር። ሆድ ዕቃውና ቅርፊቱ የጸዳ 1 ኪሎ 370 ብር። ፊሌቶ 1 ኪሎ 950 ብር። 5 ኪሎና ከዚያ በላይ ያልጸዳ፣ ኪሎው 280። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ማድረሻ 80 ብር። ዋጋው ለዛሬ እስከ ማታ 12 ሰዓት ብቻ ነው። ለማዘዝና ለምግብ ቤቶች በውስጥ መስመር ይጻፉልን።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ ይበሉ። ውስጥ መስመሩ አልተዘጋም። ሥራው ነው የተለወጠው። የቤት አድራሻ፣ ስልክ ቁጥር፣ የመድረሻ ሰዓት በአደባባይ የሚጻፍ አይደለም፤ ቦታው እዚያ ነው። በየሳምንቱ 40 ኪሎ የሚወስድ ምግብ ቤትም ዋጋው ከክፍያ ጊዜና ከመጠን ጋር ስለሚያያዝ በግል መነጋገሩ ተገቢ ነው።

መቼ ነው መደበቅ ትክክል የሚሆነው?

እንግዲህ መለያው መስመር ይህ ነው፦ ዋጋውን ለመናገር ስለ ገዢው ማወቅ ያለብዎት ነገር አለ? ለሠርግ ኬክ የእንግዳውን ቁጥርና የፎቁን ብዛት ሳያውቁ ዋጋ መናገር አይችሉም። ለልክ የሚሰፋ የሐበሻ ቀሚስ ጥለቱን፣ ጨርቁንና የሚፈለግበትን ቀን ማወቅ አለብዎት። የቤት ዕቃ የሚሠራ አናጺም እንዲሁ። እዚህ ላይ ውስጥ መስመር ማምለጫ አይደለም፤ መለኪያ ነው።

በዚህም ጊዜ ግን ደንበኛውን በጨለማ አይተዉት። ያለቀ ሥራ ፎቶ ሲለጥፉ የዚያን ሥራ ዋጋ ይጻፉ፦ «ይህ ቀሚስ፣ በዚህ ጥለት፣ በሦስት ሳምንት ተሠርቶ ይህን ያህል ወጥቶበታል፤ የእርስዎ እንደ ጥለቱ ይለያያል።» አንባቢው ከአቅሙ ጋር ያመዛዝናል። 3,000 ብር የያዘ ሰው የ15,000 ብር ቀሚስ ለመጠየቅ ገብቶ አያፍርም፤ እርስዎም አይደክሙም።

ገዢውን ማወቅ ሳያስፈልግ፣ ማለትም ያው ዕቃ ለማንም በዚያው ቁጥር የሚሸጥ ሆኖ ሳለ ዋጋውን መደበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። በሕግ ዓይንም ቀላል አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በንግድ ቦታው በግልጽ በሚታይ ሁኔታ እንዲያመለክት ወይም በዕቃው ላይ እንዲለጥፍ ያዛል። ሱቅ ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። ሱቁ ስልክ ሲሆን ልማዱ ይረሳል እንጂ የሸማቹ ፍላጎት አንድ ነው። በፊሊፒንስ ሻጮች «ፒ ኤም» ማለትም «በግል ጻፉልኝ» ብለው ዋጋ መደበቅ ሲያበዙ፣ የአገሪቱ ንግድ ሚኒስቴር የዋጋ መለጠፍ ግዴታ በኢንተርኔት ሻጮች ላይም እንደሚሠራ ደጋግሞ አሳስቧል። በማሌዥያም ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው ሙሉ ዋጋውን እንዲገልጽ የሚያስገድድ ደንብ አለ።

እርግጠኛ ካልሆኑ ይሞክሩት

ሁሉም ገበያ አንድ አይደለም። ስለዚህ የእርስዎን ገበያ ራስዎ ይለኩት። ሁለት ሳምንት ያለ ዋጋ፣ ሁለት ሳምንት በዋጋ ይለጥፉ። ዕቃው፣ የፎቶው ዓይነትና የመለጠፊያው ሰዓት አይለወጥ። አንዱን በጾም፣ ሌላውን በፋሲካ ሳምንት ካደረጉት ግን የለኩት ልጥፉን ሳይሆን የበዓሉን ገበያ ይሆናል። ደመወዝ የሚገባበትን ሳምንትም እንዲሁ ለሁለቱም ወገን ያካፍሉ።

በደብተር ላይ የሚጻፈው አራት ነገር ነው፦ ስንት ሰው ጠየቀ፣ ስንት ሰው ገዛ፣ ለመመለስ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ማታ ላይ ስንት ኪሎ ቀረ። ሻጯ ያለ ዋጋ በለጠፈችበት ቀን 60 ሰው ጠይቆ 9 ገዛ፣ ሦስት ሰዓት ፈጀ እንበል። በዋጋ በለጠፈችበት ቀን ደግሞ 22 ጠይቆ 11 ገዛ፣ አንድ ሰዓት ፈጀ። የጠያቂውን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ሁለተኛውን ቀን «ገበያው ሞተ» ይለዋል። ደብተሩ ግን ሁለት ገዢ መጨመሩንና ሁለት ሰዓት መትረፉን ይናገራል። ውጤቱ በተቃራኒው ከሆነ፣ ጠያቂው ቀንሶ ገዢውም ከቀነሰ፣ ሁለት ነገር ይፈትሹ። ቁጥሩ ከገበያው በላይ ነው? ወይስ ቁጥሩ ውስጥ ምን እንዳለ አልተጻፈም? የ950 ብሩን ፊሌቶ ያስታውሱ።

ገዢ ከሆኑ

እርስዎ በመግዛት በኩል ከሆኑ፣ ዋጋ የሌለው ልጥፍ ሁሉ የአጭበርባሪ አይደለም። ሲጠይቁ ግን «ስንት ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ ሌላ አምስት ጥያቄ ይወልዳል። በአንድ መልእክት ይጨርሱት፦ «2 ኪሎ ቆሮሶ፣ የጸዳ፣ መቼ የወጣ ነው? የሚመዘነው ከጸዳ በኋላ ነው ወይስ በፊት? እስከ ቤቴ ደርሶ በድምሩ ስንት ይሆናል?»

«ከጸዳ በኋላ ነው ወይስ በፊት?» የምትለዋ ጥያቄ ብቻዋን ብዙ ብር ታድናለች። ሳይጸዳ ተመዝኖ ተጸድቶ የሚመጣ ዓሣ ቤትዎ ሲደርስ ከተከፈለበት ኪሎ ያንሳል፤ ሻጩ ዋሽቶ ሳይሆን እርስዎ ስላልጠየቁ። ድምሩን ሳይነግርዎት አስቀድመው በቴሌብር እንዲልኩ ከጠየቀዎት ደግሞ አይላኩ። ሙሉ ዋጋ ያልተነገረበት ቅድሚያ ክፍያ በኋላ «ማድረሻው አልተካተተም» የሚል ጭማሪ ይከተለዋል።

መልሱ በግልጽና በአንድ ጊዜ ከመጣልዎት ያንን ሻጭ ይያዙት። ሦስት ጊዜ ጠይቀው ሦስት ጊዜ «ይደውሉ» ከተባሉ ግን ስልኩን አስቀምጠው ዋጋውን ወደጻፈው ሻጭ ይሂዱ። ሻጮች ዋጋ መጻፍን የሚለምዱት ዋጋ የጻፈ ሲሸጥ ሲያዩ ነው።